በጡቦቹ መካከል ያለው ስብ

የሰው ቆዳ ውሃን በሰውነት ውስጥ የሚይዝበት ክፍል ስስ ነው። በክንድ ላይ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው፤ ማይክሮሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በዚህ ስስነት ውስጥ 15 ያህል የሞቱ ሕዋሳት ንብርብሮች ተደራርበዋል። እያንዳንዱ ሕዋስ ጠፍጣፋ ነው፤ ሆዱ ኬራቲን በተባለ ፕሮቲን ተሞልቷል፤ ዙሪያውን ጠንካራ የፕሮቲን ቅርፊት ከቦታል። በሕዋስና በሕዋስ መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት የሚሞላው ደግሞ ስብ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ሊተን የሚሄድ ውሃ ሕዋሳቱን እየዞረ፣ በስቡ ውስጥ እየተጠማዘዘ ማለፍ አለበት። መንገዱ ከሽፋኑ ውፍረት በብዙ እጥፍ ይረዝማል።

ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለሙያዎች ይህን አሠራር ከጡብ ግድግዳ ጋር ያመሳስሉታል። ሕዋሱ ጡቡ ነው፤ ስቡ ጡቡን የሚያያይዘው ሲሚንቶ። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ኢሊያስና ባልደረቦቹ አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት ጡቡን ትተው ሲሚንቶውን በመመርመር ነው። ዛሬ በየክሬሙ ላይ ተጽፎ የምናየው ሴራማይድ የዚህ ሲሚንቶ ዋና አካል ነው። በክብደት ሲመዘን የስቡን ግማሽ ያህል ይይዛል። ኮሌስትሮል ሩብ ገደማ፣ ነጻ የሆኑ የስብ አሲዶች ከ10 እስከ 15 ከመቶ ይሆናሉ። በክብደት ሳይሆን በሞለኪውል ብዛት ከተቆጠሩ ግን ሦስቱ ወደ እኩል ይቀራረባሉ፤ ሴራማይድ በክብደት የሚበልጠው እያንዳንዱ ሞለኪውሉ ከባድ ስለሆነ ነው። ይህ እኩልነት ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ይያዘው።

ቆዳ ስቡን የሚያዘጋጅበት መንገድ ጥንቃቄ የተሞላ ነው። ሕዋሱ ከታች ተወልዶ ወደ ላይ እየተገፋ ሲመጣ፣ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በውስጡ እጅግ ትናንሽ ከረጢቶችን ይሠራል። በየከረጢቱ ውስጥ ስቡ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ አብረውት ኢንዛይሞችም አሉ። ሴራማይዱ በዚህ ደረጃ ላይ ገና አልተጠናቀቀም፤ አብዛኛው የስኳር ሞለኪውል ተለጥፎበታል። ከረጢቱ በሕዋሱ ጫፍ ላይ ተከፍቶ ይዘቱን ወደ ክፍተቱ ያፈስሳል። ኢንዛይሙ ስኳሩን የሚቆርጠው እዚያ፣ ከሕዋሱ ውጭ ነው። ሴራማይዱ ሴራማይድ የሚሆነው ከቦታው ከደረሰ በኋላ ነው ማለት ነው። ኢንዛይሙም በደንብ የሚሠራው አካባቢው ኮምጠጥ ሲል፣ ፒኤቹ 5 ገደማ ሲሆን ነው። የተለመደው የገላ ሳሙና ፒኤች 9 ወይም 10 ነው። ደጋግሞ በሳሙና መታጠብ ቆዳን የሚያደርቀው ስብ ስለሚያጥብ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ስብ የሚጠናቀቅበትን ሁኔታም ያውካል።

የሴራማይድ ሞለኪውል ትንሽ ራስና ሁለት ረጃጅም ጭራዎች አሉት። ራሱ ከጎረቤቱ ራስ ጋር ይያያዛል። ጭራዎቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ቀጥ ያለ ነገር ሲደረደር ክፍተት አይተውም። ኮሌስትሮሉና የስብ አሲዶቹ በመካከላቸው ይገባሉ። ውጤቱ በንጣፍ ላይ ንጣፍ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ በየ13 ናኖሜትሩ ተመሳሳይ ቅርጽ ይደጋገማል። ናኖሜትር የማይክሮሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

ሴራማይድ አንድ ዓይነት አይደለም። በሰው ቆዳ ውስጥ ከአሥራ ሁለት የሚበልጡ ቤተሰቦች ተለይተዋል። በክሬም መለያ ላይ ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፉት ፊደላት የአሠራሩ መግለጫ ናቸው። ሴራማይድ ኤንፒ ስንል የመጀመሪያው ፊደል የአንዱን ጭራ፣ ሁለተኛው የሌላውን ዓይነት ይነግረናል። ኤፒ ላይ አንደኛው ጭራ አንድ ተጨማሪ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ይዟል። ከሁሉ የሚለየው ኢኦፒ እና ወንድሙ ኢኦኤስ ነው። አንደኛው ጭራቸው 30 ገደማ ካርቦን የሚደርስ እጅግ ረጅም ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ የስብ አሲድ ተቀጥሎበታል። ይህ ርዝመት ከአንዱ ንጣፍ ወጥቶ ቀጣዩን ለመያዝ ያስችለዋል። ያ የ13 ናኖሜትር ድግግሞሽ የሚገኘው እነዚህ ሲኖሩ ነው።

ሊኖሌይክ አሲድን ሰውነታችን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ መምጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1929 ጆርጅና ሚልድረድ በር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ስብ የሌለበት ምግብ የበሉ አይጦች ቆዳቸው ቅርፊት እንዳወጣና ከተለመደው በላይ ውሃ እንደጠጡ ጽፈው ነበር። ውሃው በቆዳቸው በኩል እየተነነ ነበር። በጊዜው ምክንያቱ ግልጽ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ከዚህ የረጅም ሴራማይድ ጫፍ ጋር ይገናኛል። የኑግ ዘይታችን አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ አሲድ መሆኑን እዚህ ላይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

አሁን ወደ ክሬሙ እንምጣ። ሲሚንቶው ሲጎድል ከውጭ መሙላት ይቻላል ወይ? ጥያቄው ባዶ አይደለም። ጃፓናዊው ጌንጂ ኢሞካዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 በአለርጂያዊ ችፌ የተያዙ ሰዎች የላይኛው ቆዳቸው ሴራማይድ ከጤነኛው ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። በዕድሜ የገፋ ቆዳም እንዲሁ ስቡ ይቀንሳል። ስለዚህ የጎደለውን መልሶ መቀባት ተፈጥሯዊ ሐሳብ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የሚማርከኝ መልስ የተገኘው ከኢሊያስ ቤተ ሙከራ ነው። ማኦ-ቺያንግ ማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ሥራ የአይጥ ቆዳን በአሴቶን እየጠረጉ ስቡን አነሱ። ከዚያ ቆዳው ራሱን ሲጠግን የሚተነውን ውሃ በየሰዓቱ ለኩ። በአንዳንዶቹ ላይ ከሦስቱ ስቦች አንዱን ብቻ ቀቡ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ሁለቱን፤ በሌሎቹ ላይ ሦስቱንም። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ሲቀቡ ጥገናው አልፈጠነም፤ እንዲያውም ዘገየ። ሦስቱ በእኩል ሲቀቡ ጥገናው በተለመደው ፍጥነቱ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ከሦስቱ አንዱን ሦስት እጥፍ አድርገው ሌሎቹን አንድ አንድ ሲተዉ ጥገናው ከተለመደው ፈጠነ። ለዕድሜ የገፋ ቆዳ ኮሌስትሮል የበዛበት ቅልቅል እንደሚሻል ከዚያ በኋላ ታየ።

ይህን ውጤት ሳስብ የምቆምበት ቦታ አለ። ሴራማይድ ብቻውን ማዘግየቱ ከየት መጣ? ማብራሪያው ስቡ የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። የተቀባው ስብ በላይኛው ክፍተት ላይ ብቻ አይቀመጥም። የተወሰነው ወደ ታች ሰርጎ በሕይወት ባሉት ሕዋሳት ይወሰዳል፤ ቅድም ባየናቸው ከረጢቶች ውስጥ ከሕዋሱ የራሱ ስብ ጋር ተቀላቅሎ እንደገና ይወጣል። ልኩ የተዛባ ስብ ከገባ ከረጢቱም ንጣፉም ይዛባል። ከዚህ የተነሳ የሦስቱ ቅልቅል ሥራ የሚታየው ወዲያው ሳይሆን ሰዓታት ቆይቶ ነው። ቫዝሊን በአንጻሩ ወደ ሕዋሱ አይገባም። በላይኛው ሽፋን ክፍተቶች ውስጥ ተሰራጭቶ ወዲያው የውሃውን መውጫ ይዘጋል፤ ከሥሩ ቆዳው ራሱን መጠገኑንም አይከለክልም። ሁለቱ በተለያየ መንገድ አንድ ሥራ ይሠራሉ።

ከመለያው ላይ ይህን ማንበብ ይቻላል። ሴራማይድ ብቻውን ተጽፎ ኮሌስትሮልና የስብ አሲድ የሌለበትን ክሬም ከሦስቱም ጋር ከተሠራው መለየት ይገባል። መጠንቀቅ ያለብን ግን ሙከራው የተሠራው ስቡ በአሴቶን በተነሳበት የአይጥ ቆዳ ላይ መሆኑ ነው። ክሬም ውስጥ ደግሞ ዘይት፣ ግሊሰሪን፣ ሰምና ሌላም ስለሚኖር ሴራማይዱ ብቻውን ነው ማለት አይቻልም። ሦስቱ የተሟሉበትን እመርጣለሁ፤ ሌላው ይጎዳል ግን አልልም።

ሴራማይድን በክሬም ውስጥ ማስገባት ራሱን የቻለ የእጅ ሥራ ነው። በብዛት የሚመረተው ከእርሾ ነው። እርሾው የሞለኪውሉን አንድ ወገን ይሠራል፤ ኬሚስቱ ሌላኛውን ጭራ ይቀጥልበታል። የሚገኘው ነጭ ዱቄት ነው። የሚቀልጠው ወደ 100 ዲግሪ ተጠግቶ ስለሆነ በተለመደው የክሬም ሙቀት ብቻውን በቀላሉ አይሟሟም። ስለዚህ ከኮሌስትሮል፣ ከስብ አሲድና ከማዋሃጃው ጋር በአንድነት ይሞቃል፤ ቅልቅሉ ጥርት ብሎ ምንም ዱቄት እስካይታይበት ድረስ። ያኔ ሙቅ ውሃ ይገባበታል፤ በፍጥነት ይበጠበጣል፤ እየተበጠበጠ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። አንድ ያልቀለጠ ቅንጣት ከቀረ ሲቀዘቅዝ ሌሎችን ወደ ራሱ ይሰበስባል፤ ከሳምንታት በኋላ ክሬሙ ውስጥ ትናንሽ ጠጣር ፍሬዎች ይወጣሉ። ጠጣር የሆነ ሴራማይድ በንጣፉ ውስጥ አይገባም፤ ከላይ ተቀምጦ ከልብስ ጋር ይሄዳል። ጣትና ጣት መካከል ሲፈተግ አሸዋማ የሚሆን ክሬም ከዚህ ሊሆን ይችላል፤ ሺአ ቅቤ ያለበት ክሬም ግን በሌላ ምክንያትም እንዲህ ይሆናል።

ምን ያህል ሴራማይድ አለበት የሚለው ጥያቄ ከማሸጊያው ላይ በቀጥታ አይመለስም። በአውሮፓም በአሜሪካም ሕግ ይዘቶቹ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ይዘረዘራሉ፤ ከ1 ከመቶ በታች የሆኑት ግን በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ። ፌኖክሲኢታኖል የተባለው መከላከያ በአውሮፓ ሕግ ከ1 ከመቶ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ሕጉን በጠበቀ መለያ ላይ ከሱ በኋላ የተጻፈ ነገር ሁሉ ከ1 ከመቶ አይበልጥም። ብዙ ክሬሞች ላይ ሴራማይዱ የሚገኘው እዚያ ነው።

አንድ ስሌት ብንሠራ ነገሩ ይበልጥ ይጨበጣል። የላይኛው ሽፋን ውፍረት 15 ማይክሮሜትር ከሆነ አንድ ካሬ ሴንቲሜትሩ 1.5 ሚሊግራም ገደማ ይመዝናል። ከዚህ አሥር ከመቶው ስብ ነው ብንል 150 ማይክሮግራም ነው፤ ግማሹ ሴራማይድ ከሆነ 75 ማይክሮግራም። አሁን ክሬም እንቀባ፤ በካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ጥሩ ልክ ነው። ክሬሙ 0.1 ከመቶ ሴራማይድ ካለው ቆዳው ላይ ያረፈው 2 ማይክሮግራም ነው፤ ከነበረው 3 ከመቶ እንኳ አይሞላም። 1 ከመቶ ካለው 20 ማይክሮግራም ይሆናል፤ ይህ ከሩብ በላይ ነው። ስሌቱ ግምት ነው፤ የተቀባውም ሁሉ አይገባም። ግን በ0.1 እና በ1 መካከል ያለው ልዩነት የጌጥ ልዩነት እንዳልሆነ ያሳያል፤ መለያው ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስም ነው ያላቸው።

ታዲያ ሰው ላይ ሲሞከር ምን ተገኘ? የሚለካው በዋናነት በቆዳ በኩል የሚተነው ውሃ ነው። መሣሪያው ክፍት የሆነች አጭር ቱቦ ናት፤ በውስጧ እርጥበት የሚለኩ ነጥቦች አሉ፤ ክንድ ላይ ተደግፋ በሰዓት በካሬ ሜትር ስንት ግራም ውሃ እንደሚተን ትነግራለች። ጤነኛ ክንድ ላይ ከ5 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ሴራማይድ ያላቸው ክሬሞች ይህን ቁጥር እንደሚቀንሱ፣ የደረቀ ቆዳንም እንደሚያለሰልሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ጥያቄው የቀነሰው ሴራማይዱ ነው ወይስ ክሬሙ የሚለው ነው።

ይህን የሚፈትን ሙከራ ሴራማይድ ያለውን ከሌለው ጋር ማስተያየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 121 ችፌ ያለባቸው ሕጻናትና ወጣቶችን ይዞ ሦስቱን ስቦች ያቀፈ ክሬምን ፍሉቲካሶን ከተባለው የስቴሮይድ ቅባት ጋር አነጻጽሯል። በ14ኛው ቀን ስቴሮይዱ ቀደመ፤ በ28ኛው ቀን ልዩነቱ ጠበበ። ለክሬሙ ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን ተራ ቅባት የተቀባ ሦስተኛ ቡድን አልነበረበትም፤ ስለዚህ ውጤቱ ከሴራማይዱ መምጣቱን አይነግረንም።

ያንን ቡድን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ትንሽ የአሜሪካ ጥናት ነው። ቀላልና መካከለኛ ችፌ ያለባቸው 39 ልጆች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ያንኑ የሴራማይድ ክሬም፣ ሁለተኛው በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ሌላ ክሬም፣ ሦስተኛው በቫዝሊን ላይ የተመሠረተ ከማንኛውም ፋርማሲ የሚገዛ ቅባት ተጠቀመ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሦስቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ከወጪው አንጻር ግን የቫዝሊኑ ቅባት ቢያንስ 47 እጥፍ ያዋጣ ነበር። በእያንዳንዱ ቡድን 13 ልጅ ብቻ መኖሩን መርሳት የለብንም፤ በዚህ ብዛት ትንሽ ልዩነት ቢኖር እንኳ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ትልቅ ልዩነት ግን አይደበቅም ነበር።

ኮክሬን የተባለው የጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 በችፌ ላይ የተሠሩ 77 ሙከራዎችን፣ በአጠቃላይ 6,603 ሰዎችን ሰብስቦ መረመረ። መደምደሚያው ሁለት ክፍል አለው። ማለስለሻ መቀባት ይጠቅማል፤ ሕመሙ ተመልሶ የሚነሳበትን ጊዜ ያዘገያል፤ የስቴሮይድ ፍጆታንም ይቀንሳል። አንዱ ማለስለሻ ከሌላው ይበልጣል ለማለት ግን አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም። በሴራማይድ ላይ ያለኝ አቋም ከዚህ ይነሳል። የኬሚስትሪው ታሪክ እውነት ነው፤ በቆዳው ውስጥ ያለው ሥራው እውነት ነው፤ ክሬሙም ይሠራል። ከጥሩ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ካለበት ክሬም በላይ ይሠራል የሚለው ግን ገና አልተረጋገጠም።

ግሊሰሪንን ካነሳሁ አይቀር በደቡብ ኢትዮጵያ የተሠራውን ሙከራ ማንሳት ግድ ይለኛል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ፖዶኮኒዮሲስ፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት፣ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። የእግሩ ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ በኩል ጀርም ይገባል። በሁለት ክሊኒኮች 193 ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የተለመደውን እንክብካቤ ቀጠለ፤ እግርን መዘፍዘፍና ቫዝሊን መቀባት። ሌላው በሚዘፈዘፍበት ውሃ ላይ 2 ከመቶ ግሊሰሪን ተጨመረለት፤ የውሃው መጠንም ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ወረደ። ከሦስት ወር በኋላ የተለካው ያው ቁጥር ነው፤ በቆዳ በኩል የሚተነው ውሃ። ግሊሰሪኑ የተጨመረበት ወገን ቆዳ ይበልጥ ውሃ ይይዝ ነበር። የለወጡት ነገር ጥቂት፣ ዋጋው ርካሽ፣ ማነጻጸሪያው ትክክለኛ ነው። ከብዙ ውድ ክሬሞች ጥናት የተሻለ የተሠራ ሙከራ ነው ብዬ አምናለሁ።

በክሬም መለያ ላይ እንደ ሴራማይድ ተጽፎ የምናየው ፔፕታይድ ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ሴራማይድ ራሱ የግድግዳው አካል ነው፤ ፔፕታይድ ግን ለሕዋስ ትእዛዝ እንዲያደርስ የሚላክ አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሊደርስበት የሚገባው ቦታም ሩቅ ነው፤ ከላይኛው ሽፋን በታች፣ ኮላጅን የሚሠሩት ሕዋሳት ያሉበት ጥልቅ ንጣፍ። ከብዙዎቹ አንዱን ብቻ ላገላብጥ፤ በመለያ ላይ ፓልሚቶይል ፔንታፔፕታይድ-4 የሚባለውን።

ኮላጅን ሲሠራ መጀመሪያ ከሚያስፈልገው ይረዝማል፤ ከዚያ ጫፉ ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዚህ የሚቆረጥ ጫፍ ውስጥ ያለችን የአምስት አሚኖ አሲድ ቁራጭ ለይተው፣ ላይሲን፣ ትሪዮኒን፣ ትሪዮኒን፣ ላይሲን፣ ሴሪን፣ በሳህን ላይ ላደጉ ሕዋሳት ሰጡ። ሕዋሳቱ ኮላጅን ማምረታቸውን ጨመሩ። ሐሳቡ ያምራል፤ የተሠራው ኮላጅን ትርፍራፊ ለሕዋሱ ተጨማሪ እንዲሠራ ይነግረዋል።

ችግሩ መንገዱ ነው። በቆዳ ውስጥ ለማለፍ የሞለኪውል ክብደት ከ500 ዳልተን ባይበልጥ ይመረጣል የሚል የቆየ መለኪያ አለ። ይህች ቁራጭ 563 ናት። ከክብደቷ ይልቅ የሚያግዳት ውሃ ወዳድነቷና የኤሌክትሪክ ሙሌቷ ነው፤ ስብ ውስጥ አትገባም። ኬሚስቶቹ ለዚህ ያገኙት መላ የ16 ካርቦን የስብ ጭራ፣ ፓልሚቲክ አሲድን፣ ጫፏ ላይ መቀጠል ነው። ክብደቷ ወደ 802 ዐደገ፤ ስብ ውስጥ ግን መግባት ቻለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ፀጉር በሌለው የአይጥ ቆዳ ላይ በተሠራ ምርመራ ጭራ የሌላት በየትኛውም የቆዳ ንጣፍ አልተገኘችም። ጭራ ያላት በላይኛው ሽፋን፣ ከሥሩ ባለው፣ በጥቂቱም በጥልቁ ንጣፍ ተገኘች። ክብደትን ጨምሮ መንገድን ማቅናት በዚህ ሙያ ውስጥ ካየኋቸው ብልሃቶች ሁሉ የሚያስደስተኝ ነው።

ሰው ላይስ? በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ነው። ከ35 እስከ 55 ዓመት የሆናቸው 93 ሴቶች ለ12 ሳምንታት የፊታቸውን አንድ ጎን ፔፕታይድ ባለው ክሬም፣ ሌላውን ጎን በዚያው ክሬም ያለ ፔፕታይድ ቀቡ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እነሱም ገምጋሚዎቹም አያውቁም። አቀራረቡ ጥሩ ነው፤ አንድ ሰው ራሱ ማነጻጸሪያው ይሆናል፤ ክሬሙ የሚሠራው ሥራ በሁለቱም ጎን ስላለ የሚቀረው ልዩነት የፔፕታይዱ ነው። በደቃቅ ሽብሽባቶች ላይ ልዩነት ተገኘ፤ በስታቲስቲክስ የሚቆም፣ በመጠኑ ግን ትንሽ። ጥናቱን የሠሩት ክሬሙን የሚሸጠው የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ተመራማሪዎች ናቸው። ይህ ውሸት አያደርገውም፤ ሌላ ገለልተኛ እጅ በዚያው ልክ እንዲደግመው ግን ያስፈልጋል።

የተጠቀሙበት መጠን ከሚሊዮን 3 እጅ ነው። በ50 ግራም ክሬም ውስጥ ይህ 0.15 ሚሊግራም ይሆናል፤ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር። እዚህ ላይ ከሴራማይዱ የምናውቀው የመለያ ንባብ ይገለበጣል። ሴራማይድ ከፌኖክሲኢታኖል በኋላ ሲገኝ አንሷል ብለን እንጠይቃለን፤ ፔፕታይድ ግን ከዝርዝሩ መጨረሻ መሆኑ ብቻውን ነቀፌታ አይደለም። የተፈተነው ልክ ራሱ ከመጨረሻው ያስቀምጠዋል። ከሚሊዮን 3 እጅ ያለውንና ከዚያ አንድ አሥረኛ ብቻ ያለውን ግን መለያው አይለይም።

ሁሉም ፔፕታይድ እንዲህ የተጠና አይደለም። ስድስት አሚኖ አሲድ ያለው፣ ጡንቻን በሚያላላ መርፌ ምትክ እየተባለ የሚሸጠው አሲቲል ሄክሳፔፕታይድ-8 ክብደቱ 889 ነው፤ የስብ ጭራም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአምራቹ ጥናት በ10 ሴቶች ላይ ነበር፤ 10 ከመቶ የያዘ ክሬም ለ30 ቀን ተቀብቶ የሽብሽባት ጥልቀት እስከ 30 ከመቶ ቀነሰ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ በሰው ቆዳ ላይ ሲከታተሉት አብዛኛው ከላይ ታጥቦ ሄደ፤ በጥልቁ ንጣፍ ውስጥ ምንም አልተገኘም። ሊሠራበት የሚገባው የነርቭና የጡንቻ መገናኛ ደግሞ ከዚያም በታች ነው።

ሁለት ክሬሞች ቢቀርቡልኝ፣ መሠረታቸው አንድ ሆኖ፣ ሁለቱም ግሊሰሪንና ሦስቱ ስቦች ቢኖሯቸው፣ አንደኛው ፔፕታይድ ጨምሮ በእጥፍ ዋጋ ቢሸጥ፣ ፔፕታይድ የሌለውን እገዛለሁ። በአንድ ፊት ላይ ግራና ቀኝ ተቀብቶ ከኩባንያው ውጭ ባሉ ሰዎች የተለካ ውጤት ሲወጣ ግን መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።